ሐጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ፦ ሰፈር ውስጥ የሚወራው እና እውነታው

አክስቴን ይዤ ሐጅ ስሄድ ድሬ መጋላ ውስጥ የሰማነው ወሬ ግማሹ እዛ ስንደርስ ሌላ ሆኖ ነው ያገኘነው፣ እና የሚሄድ ሰው ሁሉ እነዚህኑ ነገሮች ስለሚጠይቀኝ በቅደም ተከተላቸው ልጻፋቸው። ከዚህ የሚሄደው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ዑምራ አድርጎ ከኢሕራም ይወጣና ዚልሂጃ 8 ላይ ለሐጁ እንደገና ይገባል፣ የምጽፈውም በዚሁ መንገድ ነው።

«ኢሕራም ነጩ ጨርቅ አይደል? ጅዳ ስንደርስ እንለብሳለን»

ጨርቁማ ለድሬ ወንድ ምን አዲስ ነው፣ ሽርጥ ለብሶ ያደገ ሰው ነው እኮ። ኢሕራም ማለት ኒያው ነው፣ «ለበይከላሁመ ዑምረተን» ብለህ ስትገባበት ሽቶው፣ ጥፍር መቁረጡ፣ የትዳር ነገሩ ሁሉ ይከለከላል። ሀብታሙም ደሃውም በሁለት ያልተሰፋ ጨርቅ እኩል ይሆናል፣ ሰው ከፈን የሚያስታውሰውም ለዚህ ነው። ችግሩ ሚቃቱ (የመግቢያው ድንበር) አውሮፕላኑ ጅዳ ከማረፉ በፊት አየር ላይ ይታለፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትነሱ ለብሳችሁ ግቡ፣ ጨርቁን ካርጎ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ሚቃት ደረስን ሲባል ነይቱ። ሳይነይት ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ ይመለሳል፣ ካልተመለሰ በግ አለበት። ሴቶች ነጭ የመልበስ ግዴታ የለባቸውም፣ የራሳቸው ልብስ ይበቃል፣ ኒቃብና ጓንት ብቻ አይደረግም።

«ሶፋና መርዋ ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ ነው»

አክስቴ የተጎዳችው በዚህ ነው። መካ ገብተን ከዕባን ሰባት ዞረን፣ ሁለት ረከዓ ሰግደን፣ ዘምዘም ጠጥተን ሰዕዩን ጀመርን፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር ቀድሜ ጨርሼ ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። ለካ ሄዶ መመለሱን አንድ እያለች ትቆጥራለች። ከሶፋ መርዋ አንድ፣ ከመርዋ ሶፋ ሁለት ነው፣ ስለዚህ ሰባተኛው መርዋ ላይ ያልቃል፣ ሶፋ ላይ ጨረስኩ ካላችሁ ቆጠራው ተሳስቷል ማለት ነው። አንዱ መንገድ 450 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሰባቱ ከ3 ኪሎሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ እሷ ግን እጥፉን በዛ በሚያማት ጉልበቷ ሄደችው። ሰዕዩ አልተበላሸባትም፣ ትርፉ ድካም ብቻ ሆኖ ቀረ። የሚሄደው ሀጀር ለልጇ ለኢስማኢል ውሃ ፍለጋ የተሯሯጠችበት ቦታ ላይ ነው፣ አረንጓዴ መብራት ያለበት ጋር ወንዶች ሮጥ ሮጥ ይላሉ፣ ሴቶች በእርምጃቸው ያልፋሉ። ከዛ ፀጉር ይቆረጥና ዑምራው አለቀ።

«ዐረፋ ተራራው ላይ ካልወጣህ ሐጅህ አይያዝም»

8 ላይ እንደገና ኢሕራም ገብታችሁ ሚና ታድራላችሁ፣ 9 ላይ ዐረፋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሐጅ ዐረፋ ነው» ያሉት ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ ሜዳው ነው፣ እሳቸውም ተራራው ስር ቆመው ዐረፋ በሙሉ መቆሚያ ነው ብለዋል። በዛ ፀሐይ ተራራ ላይ የሚጋፋውን አዛውንት ሳይ አንጀቴን ይበላኛል፣ ድንኳናችሁ ውስጥ ሆናችሁ ዱዓ አድርጉ። ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ ድንበሩን ነው፦ የነሚራ መስጂድ የፊቱ ክፍል ከዐረፋ ውጪ ነው፣ እዛ ሰግዶ እዛው የቀረ ሰው ዐረፋ አልቆመም። ቢጫ ታቤላዎቹን እያያችሁ ውስጥ ግቡ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም አትውጡ። ደግሞ እዚህ ቤተሰብ የሚጾመው ጾም ለሐጃጁ አይደለም፣ ነቢዩ የዛን ቀን ሰው እያያቸው ወተት ጠጥተዋል።

«ሰይጣኑ ተራራ መሳይ ነገር ላይ ታስሯል፣ በትልቅ ድንጋይ ነው የሚመታው»

የታሰረ ነገር የለም፣ ሚና ላይ ያሉት ጀመራት የሚባሉ ጠጠር የሚጣልባቸው ሦስት ግድግዳዎች ናቸው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ሸይጧን ከአላህ ትዕዛዝ ሊያስቀራቸው ሲመጣ የወረወሩበት ማስታወሻ ነው፣ ለዛ ነው እያንዳንዱ ጠጠር «አላሁ አክበር» እየተባለ የሚጣለው። መጠኑ ከሽምብራ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ጫማ የሚወረውር ሰው አይቻለሁ፣ አይቆጠርለትም፣ የፊቱን ሰው ግን ይፈነክታል። ግድግዳውን መንካት የለበትም፣ መውደቂያው ገንዳ ውስጥ ከገባ በቃ። ከዐረፋ ወጥታችሁ ሙዝደሊፋ አድራችሁ 10 ላይ አንዷን፣ ትልቋን ብቻ፣ በ7 ጠጠር። 11 እና 12 ላይ ከዙሁር በኋላ ሦስቱንም ሰባት ሰባት።

«10ኛው ቀን ላይ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሐጁ ይበላሻል»

አይበላሽም። ጠጠር፣ እርድ፣ መላጨት፣ ከዛ ጦዋፍና ሰዕይ፣ በላጩ ይሄ ነው። ግን በዛ ቀን ሳላርድ ተላጨሁ፣ ሳልወረውር አረድኩ ብለው ለጠየቋቸው ሁሉ ነቢዩ «አድርግ፣ ችግር የለውም» ነው ያሉት፣ እኛ ሀገር የበዛው የሻፊዒይ መዝሀብም በዚሁ ነው የሚሄደው። ይሄ ጦዋፍ ግን የሐጁ ማዕዘን ስለሆነ አይቀርም፣ ወር አበባ የመጣባት ሴት እስክትጠራ ትጠብቃለች፣ የሚቀርላት ከመካ ስትወጣ የሚደረገው የመሰናበቻው ጦዋፍ ነው።