የኒውትራል መበጠስ ምንድን ነው? የአንዱ ቲቪ ሲቃጠል የጎረቤቱ ምጣድ የማይግለው ለምንድን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ አንደኛ ፎቅ ያለችው እናት ምጣድ ሰክታ ትጠብቃለች፣ ምጣዱ ግን አልግል ብሏል። በዚያው ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምፖሉ ዓይን እስኪያጠፋ ያበራል። ትንሽ ቆይቶ ቲቪው «ጧ» ይልና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ደረጃው ላይ ሲገናኙ አንዷ «መብራት ቀነሰ» ትላለች፣ ሌላው «ኧረ ጨመረ እንጂ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዲህ አንዱ ጋ ጨምሮ ሌላው ጋ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኒውትራሉ ነው።

ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሽቦዎች አራት ናቸው። ሦስቱ ፌዝ ሲሆኑ አራተኛው ኒውትራል ነው፤ ብዙ ሰው «ኔጋቲቭ» የሚለው እሱ ነው (ኔጋቲቭ አይደለም፣ ግን ስሙ ለምዷል)። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ደግሞ 220 ቮልት። ቤታችሁ የሚገባው ብዙውን ጊዜ አንድ ፌዝና ኒውትራል ብቻ ነው። ጎረቤታችሁ ሌላ ፌዝ ይደርሰዋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሦስተኛውን። ኒውትራሉ ግን የሁላችሁም የጋራ ነው።

ሦስት ገመድ አንድ ላይ ቋጥራችሁ፣ ቋጠሮውን መሬት ላይ በተተከለ ችካል አሰራችሁት እንበል። ሦስት ሰዎች በሦስት አቅጣጫ ይጎትታሉ። አንዱ ጉልበተኛ፣ አንዱ ደካማ ቢሆን እንኳ ቋጠሮው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ችካሉ ይዞታል። ችካሉ ሲነቀል ግን ቋጠሮው ወደ ጉልበተኛው ይሄዳል። ኒውትራሉ ያ ችካል ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ እያንዳንዱ ፌዝ ላይ የተሰካው ዕቃ የሚበላው ዋት ነው። ከእያንዳንዱ ሰው እስከ ቋጠሮው ያለው ርቀት የቤቱ ቮልት ነው በሉት። ጉልበተኛው ቋጠሮውን ወደራሱ ስለሳበው ርቀቱ ያጥራል፣ ቮልቱ ይወርዳል። ደካማው ቋጠሮው ስለራቀው ቮልቱ ይወጣል። ለዚህ ነው የሚቃጠለው ብዙ ዋት የሚበላው ሳይሆን ትንሽ የሚበላው ቤት የሆነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚገምተው።

በቁጥር እንየው። ሂሳቡን ለማቅለል ሁሉም ዕቃ እንደ ምጣድ ሙቀት የሚሰጥ ዓይነት ነው እንበል። የመጀመሪያው ቤት አምፖልና ቲቪ ብቻ አብርቷል፣ 200 ዋት። ሁለተኛው ቤት ምጣድ ሰክቷል፣ 3500 ዋት። ሦስተኛው 1000 ዋት የሚሆን ምድጃ። ኒውትራሉ ደህና እያለ ሦስቱም ጋ 220 ቮልት ነው። ሲበጠስ ባለ ምጣዷ ቤት ወደ 90 ቮልት ትወርዳለች፤ ምጣዱ የወትሮውን ኃይል አንድ ስድስተኛ ብቻ ስለሚያገኝ ሊጡ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ባለ ምድጃው ወደ 292 ቮልት ይወጣል። ባለ ቲቪው ደግሞ ወደ 332።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ቲቪው ተቃጥሎ ሲቋረጥ ያ ፌዝ ይበልጥ ደካማ ይሆናል፣ ስለዚህ እዚያው ፌዝ ላይ የተረፈው አምፖልና ቻርጀር ከበፊቱ የባሰ ቮልት ይደርሰዋል። አንዱ ዕቃ ሲሞት የቀጣዩን ሞት ያፋጥናል። አንድ ብሎክ ውስጥ በደቂቃዎች ልዩነት የአራት የአምስት ቤት ዕቃ ተከታትሎ የሚሄደው በዚህ ነው። ዝቅ ያለውም ቤት ቢሆን «እኔስ ተረፍኩ» አይበል። የፍሪጅ ሞተር በ90 ቮልት መነሳት ያቅተዋል፣ እያጉረመረመ ይግላል፣ ከቆየ ይቃጠላል።

«ብሬከሩስ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። ብሬከር የሚቆጥረው አምፒር ነው፣ ቮልት አያይም። 200 ዋት የሚበላ ቤት 332 ቮልት ሲገባበትም ከሁለት አምፒር በታች ነው የሚስበው፤ ለብሬከሩ ይሄ ምንም አይደለም። ተራ ስታብላይዘርም መጠነኛ ከፍታና ዝቅታ ለማስተካከል እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ አልተሠራም፣ ብዙ ጊዜ ራሱ አብሮ ይቃጠላል። የሚያድነው ቮልት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ ቆርጦ የሚጥለው ፕሮቴክተር ነው። ፍሪጅ ላይ የሚሰካው ፍሪጁን ብቻ ያድናል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው ግን ቤቱን በሙሉ።

መሬት የተቀበረው ግራውንድስ ኒውትራሉን አይተካም? ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ግን አትተማመኑበት። ምጣዱ ራሱ ወደ 14 ኦም ብቻ ነው። የቤት ግራውንድ ዘንግ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሆነ ቋጠሮውን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ከዚህ የባሰው አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንድ ከመቅበር ይልቅ ሶኬቱ ላይ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ያኔ ኒውትራሉ ሲበጠስ የፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው ብረት በቀጥታ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ይህን አይቼ ዝም ብዬ ያለፍኩበት ቤት የለም።

ሽቦው ሁልጊዜ ለሁለት ተቆርጦ አይወድቅም። ይልቅ የሚበዛው መላላት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ብሎን ይላላል፣ አልሙኒየምና መዳብ ያለ ማገናኛ ተጠማዘው ሲታሰሩ መጋጠሚያው ይዝጋል፣ ወይም ብሎኩ ዋና ሳጥን ውስጥ የኒውትራሉ ተርሚናል ይግልና ያራል። እንዲህ ሲሆን ችግሩ ይመጣል ይሄዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ የእናንተ አምፖል ይደምቃል። ጭነት ብቻ ቢበዛ ኖሮ መብራት ይደበዝዛል እንጂ አይደምቅም። ከደመቀ ኒውትራሉን ጠርጥሩ።

ከምሰሶ ወደ እናንተ ቤት ብቻ የሚመጣው ኒውትራል ከተበጠሰ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ቮልት አይጨምርም፣ መብራት በቃ ይጠፋል። ዕቃ እንደተሰካ በቴስተር ብታዩ ሁለቱም የሶኬት ቀዳዳ ያበራል። ይሄ ዕቃ አያቃጥልም፣ ግን «መብራት የለም» ብሎ ሽቦ የሚነካካን ሰው ይገድላል።

አምፖል ያለ ልክ ሲደምቅ ካያችሁ ዕቃ በዕቃ እየዞራችሁ አትንቀሉ፣ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ከዚያ ጎረቤቶቻችሁን አንኳኩ፣ እነሱም ያውርዱ። ቀጥሎ ለመብራት አገልግሎት ደውሉና «መብራት ተበላሽቷል» ብቻ አትበሉ፤ «አንዱ ፌዝ ጨምሯል፣ ሌላው ቀንሷል፣ ኒውትራል ሳይሆን አይቀርም» በሉ። ብሎኩ ሳጥን ውስጥ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ካመጣችሁ ደግሞ ሦስቱን ፌዝ ሳያጠፋ የኒውትራሉን ብሎን እንዳይፈታ፤ ጥገና ሊያደርግ መጥቶ ራሱ ብልሽቱን የሚፈጥረው በዚህ ነው። ጠግኖ ሲጨርስ ብሬከር ከማንሳታችሁ በፊት ሦስቱንም ፌዝ ከኒውትራሉ ጋር ይለካ፤ ሦስቱም 220 አካባቢ ካሳዩ መጀመሪያ ምጣዱን ብቻውን ሰክታችሁ አሁንም ይለካላችሁ። የላላ መጋጠሚያ ባዶውን ሲለካ ደህና ይመስላል፣ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚታወቀው።