“ባትሪ ቀረ” ለሚሉን፦ ስለ ሱፐር ካፓሲተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥያቄ፦ “አቦ፣ ቀፊራ አካባቢ ስድስት ሴል የተደረደረበት ሱፐር ካፓሲተር አየሁ፤ በላዩ 500 ፋራድ ይላል። ሻጩ ‘ባትሪ ቀረ፣ ይሄ ዕድሜ ልክህን ነው’ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን እንዲያቆይልኝ ልግዛው?”

አትግዛው። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባውን ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግዛ። “ባትሪ ቀረ” የሚለውን ነገር ግን ሱቄ ድረስ ይዞት የሚመጣው ሰው ስለበዛ፣ ደግሜ ደጋግሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ።

“500 ፋራድ እኮ ነው፣ ትልቅ ነው”

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሰው ቤቱን ሊያስነዳበት ያስባል። ፋራድ ግን ለብቻው ስንት ኢነርጂ እንደተቀመጠ አይነግርህም፤ ቮልቱንም ማወቅ አለብህ።

አንዱ ሴል የሚችለው 2.7 ቮልት ብቻ ነው። 12 ቮልት ላይ ለመሥራት ስድስቱን በተከታታይ ታስራቸዋለህ፤ ስታስራቸው ደግሞ 500ው ለስድስት ይካፈልና 83 ፋራድ ይሆናል። አብዛኛው ሻጭ ይህችን አይነግርህም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ E ኢነርጂው በጁል፣ C ፋራዱ፣ V ቮልቱ ነው፦

E = ½ × C × V²

እስከ 14 ቮልት ብትሞላው 8,200 ጁል ገደማ ይይዛል። ለ3,600 ስታካፍለው 2.3 ዋት-ሰዓት ነው። በቃ፣ ያ ሁሉ ወሬ ይሄ ነው።

እሱንም ሁሉንም አታገኘውም። ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቱን ይዞ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ካፓሲተር ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እየወረደ ነው የሚሰጥህ። ራውተርህ 14 ቮልቱን ይታገሳል፣ 10 ቮልት ላይ ደግሞ ይጠፋል ብለን እናስብ። ከ14 እስከ 10 ባለው መሀል የምታገኘው ግማሹን፣ 1.1 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ራውተሩ 10 ዋት ከበላ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። “ኮንቨርተር አስገባለት፣ እስከ 7 ቮልት ድረስ ይምጠጥ” የሚል ብልህ አይጠፋም። እሺ፤ ከተቀመጠው ሦስት አራተኛውን ታወጣለህ፣ አሥር ደቂቃ ታገኛለህ፣ ከእሱም ኮንቨርተሩ የራሱን ይቀንሳል።

ባትሪው ደግሞ 12 ሲባዛ በ7፣ 84 ዋት-ሰዓት ነው። እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም እንኳ ለዚያው ራውተር አራት ሰዓት ይሆንሃል። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሆነ በኪሎ 40 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ሱፐር ካፓሲተር በኪሎ 5 ወይም 6 ነው፤ ጥሩ ሊትየም ከ150 በላይ ይሄዳል። የኢነርጂ እፍጋት የሚባለው ይኸው ነው፦ በአንድ ኪሎ ክብደት ውስጥ ስንት ዋት-ሰዓት ይገባል።

“እንግዲያው አሻንጉሊት ነው”

ይሄኛው ደግሞ ከላይ ያለውን ስሌት ያሳየኋቸው ሰዎች ይዘውት የሚሄዱት ስሕተት ነው። ያው ለራውተር ያልበቃው 2.3 ዋት-ሰዓት ሌላ ቦታ ተአምር ይሠራል።

ሁለቱን እቃዎች ከራውተሩ ንቀላቸውና አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ላይ እሰራቸው። ሞተሪኖው 150 አምፔር ይጠይቃል እንበል። የ7 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ ውስጣዊ መከላከያ (ሬዚስታንስ) 25 ሚሊኦም አካባቢ ነው። 150 አምፔር ሲሳብበት እዚያው ውስጡ 4 ቮልት ያህል ይቀራል፤ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ከ9 ቮልት በታች ነው። ትሰማዋለህ፦ “እ…እ…እ” ብሎ ይቆማል። ደጋግመህ ከሞከርክ ባትሪውንም ትገድለዋለህ። 84 ዋት-ሰዓት ይዞ ግማሽ ዋት-ሰዓት የማትሞላ ሥራ አቃተው።

የካፓሲተሩ ስድስት ሴል ከነማያያዣው 12 ሚሊኦም ቢሆን፣ የሚጠፋው ከ2 ቮልት በታች ነው። ከ14 ተነስቶ ሞተሪኖው 12 ያገኛል። ከዚያ በየሰከንዱ 1.8 ቮልት እየወረደ ይሄዳል። ጤነኛ ሞተር አንድ ሰከንድ ይበቃዋል፤ በዚያች ሰከንድ የወጣው 1,700 ጁል ገደማ፣ ከግማሽ ዋት-ሰዓት ያነሰ ነው። ሁለተኛው ሰከንድ ካለቀ በኋላ ግን እሱም 8.6 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አትጠብቀው። ለናፍጣ መኪና ደግሞ ብቻውን አታስበው፤ እዚያ የሚጠየቀው አምፔር ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ቮልቱ በአንዲት ሰከንድ ይንኮታኮታል።

የፓወር እፍጋት ይሄ ነው፦ ያለውን በምን ያህል ፍጥነት መስጠት ይችላል። ባትሪው ቀጭን ቧንቧ የተገጠመለት ሮቶ ነው፤ ካፓሲተሩ አንዴ የሚደፋ ባልዲ።

ስለዚህ ሰው “የቱ ይሻላል?” ሲለኝ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ከፍተኛው ዋት ስንት ነው? ለምን ያህል ጊዜ? ሁለቱን አባዛቸው፤ የምትፈልገው ኢነርጂ ይወጣልሃል። ጊዜው በሰከንድ የሚቆጠር ከሆነ ወደ ካፓሲተር ሂድ። በሰዓት ከሆነ ባትሪ ነው፣ አትከራከረኝ። ደቂቃ ከሆነ ወረቀት አውጥተህ ከላይ እንዳደረግነው አስላ፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው ያሸንፋል።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሥራም አለ። ሐረር የፔጆ 404 ታክሲ ያለው ደንበኛ አለኝ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጠፋል፣ መልሶ ያስነሳል፣ ሬዲዮው ግን አይጠፋም። ባትሪው ቆሞ 12.4 ያሳያል፤ ቁልፉን ሲያዞረው ግን መልቲሜትሩ 8.5 ላይ ይወርድ ነበር። ካፓሲተሩን ከባትሪው ጎን፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አድርገን በወፍራም አጭር ገመድ አሰርነው። አሁን ሲያስነሳ ከ10 በታች አይወርድም፤ ሬዲዮውን ባትሪው ይይዘዋል፣ የሞተሪኖውን ግፊት ካፓሲተሩ ይችለዋል።

ግን ልብ በል፤ የሞተ ባትሪ አላነሳንለትም። አንድ ሴሉ የተበላሸ ባትሪ ካለህ ሌሊቱን ካፓሲተሩንም አብሮ ይመጠዋል፣ ጠዋት ሁለቱም ባዶ ናቸው። ደግሞም ቮልቱ ስለማይወርድ ባትሪው መዳከሙን አታይም። በየተወሰነ ጊዜ ካፓሲተሩን ፈትተህ ባትሪውን ብቻውን እያስነሳህ ለካው። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ከዘገየ ደግሞ ጥፋቱ ሞተሪኖው ወይም ገመዱ ላይ ነው፤ ካፓሲተር ምን ያድርግልህ?

“ሙቀት አይነካውም”

ይሄን የሚለው ድሬ ላይ ሆኖ ነው! ብርድን በደንብ ይችላል፣ እውነት ነው። ላይኛው ወሰኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ 65 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። የድሬዳዋ ቀትር ላይ ሲነዳ የዋለ መኪና ኮፈን ሥር አስረኸው “ዕድሜ ልክ” ብትለኝ እስቃለሁ። ወንበር ሥር አድርገው፤ ገመዱ ትንሽ ይርዘም፣ ግን ይወፍር።

ከሙቀቱ ጋር የሚሠራው ሌላው ገዳይ ቮልት ነው። ዲናሞው 14.4 ቮልት ቢሰጥ ለስድስት ሴል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.4 ይደርሰዋል፤ ያርፋሉ። “አምስት ይበቃል” ብሎ ዋጋ የሚቀንስልህ ካለ 2.88 እየጫነባቸው ነው። ስድስትም ሆነው እኩል ላይካፈሉ ይችላሉ፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሴል ላይ ትንሽ የባላንስ ሰሌዳ የሚኖረው። ሴሉ 2.7 ሲነካ መብራቷ ትበራለች። አንዷ ብቻ ሁልጊዜ የምትበራ ከሆነ ያ ሴል ከጓደኞቹ ተለይቷል፣ በመልቲሜትር ለካው። ክዳኑ ካበጠ ወይም የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው አውጥተህ ጣለው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው።

“ዕድሜ ልክህን ነው”

ሞልቶ ባዶ መሆንን በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ጊዜ ይችላል። ቆሞ ግን ያፈሳል፤ ሞልተህ ለሳምንታት ከተውከው ቮልቱ ወርዶ ታገኘዋለህ።

“ቻይና አውቶቡስ ይነዱበታል”

ይነዱበታል። ሻንጋይ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት አውቶቡሶች ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው ፌርማታ ላይ፣ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር፣ መልሰው ይሞላሉ። የአንተ ራውተር በየሰባት ደቂቃው ፌርማታ አለው?

“1 ኪሎዋት-ሰዓት ሱፐር ካፓሲተር” የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን

ሚዛን ላይ አውጣው። በኪሎ 6 ዋት-ሰዓት ብትቆጥር ከ160 ኪሎ በላይ መመዘን ነበረበት። ሊትየም-አዮን ካፓሲተር የሚባለው ድቅል እንኳን በኪሎ ከ10 እስከ 20 ዋት-ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው ብድግ የሚያደርገው ሳጥን ከሆነ ወይ ውስጡ ሊትየም ባትሪ ነው ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው። ሊትየም ከሆነ በሊትየም ዋጋ ተደራደር።

“በሰከንድ ስለሚሞላ ማንኛውም ቻርጀር ላይ ይሰካል”

ባዶ ካፓሲተር ለቻርጀሩ ሾርት ነው። ርካሽ አዳፕተር ወይ ይቃጠላል ወይ እየጠፋ እየበራ ይውላል። ባትሪ ላይም ባዶውን በቀጥታ አትሰረው፤ ብልጭታው ጫፉን ያቀልጠዋል። መሀል ላይ ባለ 12 ቮልት፣ 55 ዋት የፓራውዛ አምፖል በተከታታይ አስገባ። መጀመሪያ ቦግ ብሎ ይበራል፤ አምፖሉ አምፔሩን ወደ 4 ተኩል ይገድበዋል። ካፓሲተሩ እየሞላ ሲሄድ አምፖሉ ይቀላል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል። ሲጠፋ በመልቲሜትር አረጋግጥ፤ ከባትሪው ጋር እኩል ከሆነ አምፖሉን አውጥተህ ዋናውን ገመድ እሰር። ስታጠብቀው ቁልፉ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ጊዜ እንዳይነካ፤ ቀለበትህንም ቀድመህ አውልቅ።