አሲድ ዝናብና የማሳችን አሲዳማነት

«ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስለበዛ ነው ማሳችን ኖራ የፈለገው» የሚለው ነገር እዚህ ስለተደጋገመ አሲድ ዝናብንና የማሳ አሲዳማነትን ልለያቸው።

ንጹሕ ዝናብም ቢሆን የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5.6 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። አሲድ ዝናብ የምንለው ድኝ ያለበት ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ከመኪናና ከፋብሪካ እቶን የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድም፣ አየር ላይ ወደ ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ተለውጠው ሲወርዱ ነው። ፒኤቹ ወደ 4.6 ከወረደ አሲዱ 10 እጥፍ ሆኗል፤ «1 ብቻ ቀነሰ» ብላችሁ አትናቁት።

ጉዳቱ እንደየመሬቱ ይለያያል። የኖራ ድንጋይ ባለበት አካባቢ ሐይቁ አሲዱን ያከሽፈዋል። የኖርዌይና የስዊድን ብዙ ሐይቆች ግን ግራናይት ላይ ስለተኙ መከላከያ አልነበራቸውም፤ ከአፈሩ የታጠበው አሉሚኒየም የዓሦቹን ስንጥብ እየጎዳ ጨረሳቸው። ሐይቅ የሚያድነው የኖራ ድንጋይ ሕንፃ ላይ ሲሆን ደግሞ ራሱ ተበይ ነው፦ ፊቱ ወደ ጄሶ ይለወጥና ይረግፋል።

የእኛ ደጋ ማሳ አሲዳማ የሆነው በዋናነት ተራው ዝናብ ለዘመናት ካልሲየሙን ስላጠበው፣ እህሉም ገለባውም ከማሳው ስለሚነሳ ነው፤ ዩሪያም ያግዛል። የፋብሪካው ድርሻ እንደ ነዳጁ ዓይነትና እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ይለያያል፤ እሱን የሚነግረን የአፈር ሳይሆን የዝናብ ውኃ ምርመራ ነው።