ሺሻ ምንድን ነው? ውሃውስ ከጭሱ ምን ያስቀራል?

ሺሻ የትምባሆ ጭስ በውሃ ውስጥ አልፎ ወደ አጫሹ አፍ እንዲደርስ የተሠራ ማጨሻ ነው። ከላይ ባለው የሸክላ ራስ ውስጥ በማር ወይም በሞላሰስ ተለውሶ ግሊሰሪንና የፍራፍሬ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ይቀመጣል፤ ትምባሆው በተበሳሳ ፎይል ይሸፈንና ፍም ከሰል በፎይሉ ላይ ይደረጋል። አጫሹ በቱቦው ሲስብ የከሰሉ ትኩስ አየር በትምባሆው ውስጥ ያልፋል፣ በመካከለኛው ዘንግ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል፣ ከውሃው ሥር እየተንቦቀቦቀ ይወጣና በቱቦው በኩል ወደ ሳንባ ይገባል። ትምባሆው እንደ ሲጋራ ራሱ አይነድም፤ የሚያበስለው የከሰሉ ሙቀት ነው። ስለዚህ የሺሻ ጭስ የሚመጣው ከሁለት ምንጮች፣ ከትምባሆውና ከከሰሉ፣ ነው። ውሃው ጭሱን ያጠራል የሚለው እምነት ብዙውን ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ምንጭ ይረሳል።

ይህ እምነት የቆየ ነው። የሚወሳ አንድ ታሪክ እንደሚለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በህንድ በንጉሥ አክባር ቤተ መንግሥት የነበረ ሐኪም ጭሱ ጉዳት እንዳያደርስ አስቀድሞ በውሃ ውስጥ እንዲያልፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዛሬ ይህንኑ የሚያምን ሰው ሁለት ማስረጃዎችን ያቀርባል። አንደኛው ጭሱ ጉሮሮን አለማቃጠሉ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አጭሰው ሲጨርሱ ውሃው ደፍርሶና ቀለሙ ተለውጦ መገኘቱ ነው። ሁለቱም በእርግጥ የሚታዩ ነገሮች ናቸው፤ ስህተቱ ከእነርሱ የሚወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ያረጥበዋልም፤ የቀዘቀዘ ጭስ ስለማይቆረቁር አጫሹ ይበልጥ አጥልቆና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲስብ ያደርገዋል። የውሃው መደፍረስም አንድ ነገር በውሃው ውስጥ መቅረቱን ብቻ ያሳያል፤ ምን ያህሉ አልፎ እንደሄደ ግን ከውሃው ቀለም ሊታወቅ አይችልም። ይህን ለማወቅ በቱቦው ጫፍ የሚወጣውን ጭስ መለካት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ልኬት በቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናታቸው ሰው ሺሻ ሲያጨስ የሚስብበትን መንገድ የሚከተል ማሽን ተጠቀሙ፤ ማሽኑ 10 ግራም ትምባሆ የተሞላበትን ሺሻ 171 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ግማሽ ሊትር ያህል ሳበ። ውሃው እንደተለመደው በጠርሙሱ ውስጥ ነበር። በውሃው ውስጥ አልፎ ከወጣው ጭስ 802 ሚሊግራም ታር የተባለ የጭስ ዝቃጭ፣ 3 ሚሊግራም ያህል ኒኮቲንና 145 ሚሊግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኘ። ለማነጻጸር ያህል፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሲጋራ ሊያወጣ የሚፈቀድለት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ውሃው ምን ማድረግ እንደማይችል በግልጽ የሚያሳየው እርሱ ነውና። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በውሃ ውስጥም የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። 145 ሚሊግራሙ በ90 ሊትር ገደማ ጭስ ውስጥ የተበተነ ስለሆነ በአንዱ ሊትር ጭስ ውስጥ የሚገኘው 1.6 ሚሊግራም ያህል ነው። ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚሟሟበት መጠን በላዩ ካለው የጋዝ ክምችት ጋር የሚመጣጠን በመሆኑ፣ በክፍል ሙቀት ያለ አንድ ሊትር ውሃ እንዲህ ካለው ጭስ ጋር የቱንም ያህል ቢቆይ ሊይዝ የሚችለው ከ0.1 ሚሊግራም ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የቀረው ሁሉ ወደ ቱቦው ያልፋል። ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየርም ሆነ በረዶ መጨመር ይህን ስሌት የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ነው።

የጭሱ ደቃቅ ቅንጣቶችም ብዙዎቹ በተመሳሳይ መንገድ ያመልጣሉ፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። ቅንጣቶቹ ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር ያነሱ ሲሆኑ የሚጓዙት በአረፋው ውስጥ ነው። አረፋው ከውሃው ሥር ወደ ላይ የሚወጣው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ የአረፋውን ግድግዳ ሳይነኩ፣ ማለትም ውሃውን ሳያገኙ፣ ይወጣሉ። ውሃው በእርግጥ የሚቀንሰው በቀላሉ የሚሟሟውን ነው፤ ከዚህም አንዱ ኒኮቲን ነው። ይህ ግን ለአጫሹ ጥቅም ላይሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስገነዘበው፣ ሱሰኛ የሆነ ሰው የሚፈልገውን ኒኮቲን እስኪያገኝ ድረስ ስለሚያጨስ ከኒኮቲኑ ጋር የሚስበው ሌላው መርዝ ይጨምራል።

ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የቤሩት ተመራማሪዎች ከሰሉን አንሥተው በምትኩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከካርቦን ሞኖክሳይዱ 90 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከከሰሉ ነው፤ ካንሰር ከሚያስከትሉት ከባድ ሃይድሮካርቦኖች አብዛኞቹም እንዲሁ። ስለዚህ «ትምባሆ የለበትም» ተብሎ የሚሸጠው የዕፅዋት ሺሻ ኒኮቲን ባይኖረውም፣ በከሰል እስከተጨሰ ድረስ ከዚህ ጋዝ ነፃ አይሆንም።

ማሽን ሳንባ የለውምና በሰው ላይ የተደረገውንም ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 31 ሰዎች በአንድ ቀን አንድ ሲጋራ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ለ45 ደቂቃ ሺሻ እንዲያጨሱ ተደርጎ ደማቸው ተመረመረ። በደም ውስጥ የታየው ከፍተኛው የኒኮቲን መጠን በሁለቱም ተቀራራቢ ሆነ። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘው ግን ከሲጋራው በኋላ 1.3 በመቶ ሲሆን ከሺሻው በኋላ 3.9 በመቶ ደረሰ። የሳቡት ጭስም በሲጋራው አንድ ሊትር፣ በሺሻው ከ48 ሊትር በላይ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማጋነን መታረም አለበት። «አንድ ሺሻ መቶ ሲጋራ ነው» የሚለው አባባል የተነሣው ከጭሱ ብዛት እንጂ ከመርዙ መጠን አይደለም። ከላይ እንደታየው የኒኮቲኑ ብልጫ የዚያን ያህል አይደለም፤ የሺሻ ትምባሆም ከሲጋራ ባነሰ ሙቀት ስለሚበስል የታሩ ይዘት ከሲጋራው ታር ይለያል። ሚሊግራሙን ብቻ አይቶ ታሩን ከሲጋራ ጋር ማወዳደር ስለዚህ አሳሳች ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከየትም ይምጣ ያው ስለሆነ በእርሱ ማነጻጸር ይቻላል።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሺሻን ንግድ ይከለክላል። ይሁንና አሁንም በር ተዘግቶ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይጨሳል፤ ፍሙ ክፍሉን በዚሁ ጋዝ ስለሚሞላው የማያጨሰውም ሰው ሊመረዝ ይችላል። በሺሻ ቤት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ራስ መሳት የገጠመው ሰው «በቃ ሺሻው መታው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ሐኪም ዘንድ ሲወሰድም ሺሻ ማጨሱ ወይም ጭሱ ያለበት ክፍል ውስጥ መቆየቱ መነገር አለበት፤ ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደተሸከመ ስለሚቆጥር፣ ሰውየው ተመርዞም ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው ጋዙን ለይቶ በሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። በተራ አየር ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል።