የመታሰቢያ ማስታወቂያ ምንድን ነው?

ሰው ባረፈ ማግስት የሚወጣው ማስታወቂያ ሥራው መርዶ መንገር ነው፤ ማን አረፈ፣ ቀብሩ የት ነው፣ በስንት ሰዓት። የመታሰቢያ ማስታወቂያ ይህን ሸክም አይሸከምም። አንባቢው ሞቱን ያውቀዋል። የቀረው ማን እንደነበሩ፣ መቼ እንደተለዩና የሚያስታውሷቸው እነማን እንደሆኑ መናገር ብቻ ነው። ለዚህም አምስት ስድስት መስመር ይበቃል።

አንድ ቤተሰብ ለእናታቸው ሙት ዓመት ያዘጋጀውን ረቂቅ አሳይቶኝ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ውድ፣ ተወዳጅ፣ ደግና አዛኝ እናታችን ወ/ሮ እገሊት፣ በድንገተኛ ሕመም ሕይወታቸው ካለፈ አንድ ዓመት ሆነ። መቼም አንረሳሽም፤ ሁሌም በልባችን ውስጥ ይኖራሉ።»

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አንቱታው ነው። በ«ሕይወታቸው» ጀምሮ በ«አንረሳሽም» ይዞርና ተመልሶ «ይኖራሉ» ይላል። ጽሑፉ ለአንባቢው ስለ እሳቸው ይናገራል ወይስ ለራሳቸው ለእናትየው? ይህ አስቀድሞ ካልተቆረጠ ስሕተቱ አይቀርም። ቤት ውስጥ «አንቺ» ሲሏት የኖሩ ልጆች እስከ መጨረሻው «አንቺ» ቢሉ ነውር የለበትም፤ በወጣትነቱ ያረፈን ልጅም በግድ «እሳቸው» ማለት እንግዳ ያደርገዋል። የሚያስከፋው መቀላቀሉ ነው።

ቀጥሎ ግሡ። «ሕይወታቸው አለፈ» የአደጋ ዜና ይሸታል። «አረፉ» ወይም «በሞት ተለዩን» ለስላሳ ነው፣ ግን ሞትን አይሸሽግም። «በድንገተኛ ሕመም» የሚለውን እኔ አወጣዋለሁ፤ ከዓመት በኋላ የሕመሙ ነገር ለማንም አይጠቅምም። አራቱ ቅጽሎችም የማንኛዋም እናት ናቸው። ልጆቹን «ሁልጊዜ የሚያደርጉት ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በመልሳቸው ጽሑፉ እንዲህ ሆነ፦

ወ/ሮ እገሊት እገሌ
1938 – 2016 ዓ.ም.
እናታችን በሞት ከተለዩን አንድ ዓመት ሆነ።
የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሲመርቁ እናስታውሳቸዋለን።
ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው

የዓመተ ምሕረቱ መስመር አጭር ቢሆንም ወጥመድ አለው። የልደቱ ዓመት ከፓስፖርት ሲገለበጥ 1946 ተብሎ ነበር፤ የዕረፍቱ ግን 2016 ዓ.ም.። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ተቀላቅሎ የ78 ዓመት እናት በወረቀቱ ላይ 70 ሆነው ነበር። ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት ዓመቶቹን ቀንሶ ማየት ይህን ያጋልጣል።

ወደ መልኩ ስንመጣ፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ቢያስፈልግ አንድ ደብዘዝ ያለ ቀለም ለቀጭን መስመር። በጥቁር መደብ ላይ የወርቅ ቀለም የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ሲታተም ግን ቀለሙ ወደ ቀጫጭኑ የፊደል ቅርንጫፍ እየፈሰሰ ይደፍነዋል። ጥቁሩን ጽሑፍም ማተሚያ ቤቱ በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲያትመው ማሳሰብ ይሻላል። ከአራት ቀለም ከተሠራና ወረቀቱ ትንሽ ካፈነገጠ በየፊደሉ ዙሪያ ባለቀለም ጥላ ይታያል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ስሙ ጎልቶ እንዲወጣ የሚያደርገው መጠን ነው። አንድ የፊደል ዓይነት፣ ሁለት መጠን፤ ከዚያ በላይ ጌጥ ነው። ደማቁን ለስሙ ብቻ ይተዉት፤ በትንሽ መጠን ሲጻፍ እንደ «ጨ» ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። በግድ የተጋደመ ጽሑፍማ ጨርሶ አያምርበትም።

መጠኑ የሚፈተነው ስልክ ላይ ነው። ኤ5 ወረቀት 148 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ምስሉ 68 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ሲከፈት ከግማሽ በታች ይሆናል። በ12 ነጥብ የተጻፈው እንደ 5 ተኩል ይታያል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ አረጋውያን ዘመዶች አያነቡትም። ወደ 20 ነጥብ ከፍ ቢል 9 ገደማ ላይ ይቆማል። ቦታ ከጠበበ ጽሑፉ ይቀነስ እንጂ ፊደሉ አይነስ።

ፎቶው አንድ ይሁን፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት በጥራት እንዲታተም ቢያንስ 700 ፒክስል ያህል ስፋት ያስፈልገዋል። ከቡድን ፎቶ ተቆርጦ የሌላ ሰው ትከሻ ቢቀር ጠርዙን ማጥበብ ይቻላል። ፊትን በማሳመሪያ ማለስለስ ግን አይገባም፤ ሽብሽባቱ ሲጠፋ ልጆቹ የሚያውቋቸው እናትም አብረው ይጠፋሉ።

የሚያከራክረው የመጨረሻው መስመር ነው። የልጆችን ስም መዘርዘር የተጀመረ እንደሆነ አንዱ መረሳቱ አይቀርም፣ ቅሬታውም ከማስታወቂያው ዕድሜ ይረዝማል። «ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው» የተባለው ለዚህ ነው። ስም ይውጣ የሚል ካለ ዝርዝሩን አንድ ሰው ብቻ አይጻፈው፤ ከአባትም ከእናትም ወገን አንድ አንድ ሰው ይየው።