ስለ ጋሊየም ናይትራይድ ቻርጀሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ይህን ያህል ያነሰው ውስጡ ዕቃ ስለተቀነሰበት ነው»

ቻርጀር ከሶኬት የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ በትራንዚስተር እያበራና እያጠፋ በትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። በተለመደው የሲሊከን ቻርጀር ይህ በአብዛኛው በሰከንድ ከ65 ሺህ እስከ 100 ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ በላይ ማፍጠን ይቻላል፤ ችግሩ ትራንዚስተሩ በበራና በጠፋ ቁጥር ጥቂት ኃይል ወደ ሙቀት መለወጡ ነው። ከሲሊከን ይልቅ ከጋሊየም ናይትራይድ የተሠራ ትራንዚስተር በዚያች ቅጽበት የሚያባክነው በጣም ጥቂት ስለሆነ ድግግሞሹን ብዙ እጥፍ ማሳደግ ይቻላል። በትንሽ ጣሳ ቶሎ ቶሎ የሚቀዳ ሰው በትልቅ ባልዲ ቀስ ብሎ ከሚቀዳው እኩል ውሃ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ በየዙሩ የሚያልፈው ኃይል ሲያንስ ትራንስፎርመሩም ያንሳል።

የማያንስ ክፍልም አለ። የሶኬቱን ሞገድ የሚያለሰልሰው ትልቁ ካፓሲተር መጠኑ የሚወሰነው በመስመሩ ድግግሞሽ ስለሆነ ትራንዚስተሩን መቀየር አያሳንሰውም። በ20 ዋት ቻርጀር ላይ ልዩነቱ ብዙም የማይታየው በከፊል ለዚህ ነው።

«ጋሊየም ናይትራይድ አይሞቅም»

ይሞቃል። 65 ዋት የሚሰጡ ሁለት ቻርጀሮችን እንውሰድ። ብቃቱ 88 በመቶ የሆነው 9 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ 93 በመቶ የሆነው ደግሞ 5 ዋት ገደማ። ሙቀቱ በግማሽ ሊቀንስ ምንም ያህል አይቀረውም፤ ነገር ግን የሚወጣበት ሽፋንም አንሷል። ስለዚህ ላፕቶፕ ሲሞላ ሲዳሰስ ከትልቁ ቻርጀር እኩል ቢሞቅ ብልሽት አይደለም። ምንም ሳይሰካበት የሚግል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ወይም በየደቂቃው ቻርጅ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ነቅሎ መተው ነው። ትራስ ወይም ብርድ ልብስ ሥር መስካት ደህናውንም ያበላሻል።

«65 ዋት ስልኬን ቶሎ ይሞላል፤ ካልሆነም ያቃጥለዋል»

ሁለቱም አይሆንም። ቻርጀሩ የሚችላቸውን የቮልትና የአምፔር አማራጮች ያቀርባል፤ ስልኩ ከእነሱ የሚስማማውን ይመርጣል። 20 ዋት የሚቀበል ስልክ ከ65 ዋቱም የሚወስደው 20 ነው።

«65 ዋት ከተባለ ላፕቶፔ 65 ያገኛል»

ኬብሉ ከፈቀደ ነው። 65 ዋት የሚመጣው በ20 ቮልት 3.25 አምፔር ሲሆን፣ ተራ የዩኤስቢ ሲ ኬብል 3 አምፔር ላይ ስለሚቆም 60 ዋት ብቻ ያሳልፋል፤ ሙሉውን ለማግኘት የ5 አምፔር ኬብል ያስፈልጋል። ሁለት መሣሪያ ሲሰካም ኃይሉ ይከፈላል፣ ለምሳሌ 45 እና 20። አከፋፈሉ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ስለሚታተም ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት።

«አሮጌውን ጥሎ መግዛት ያዋጣል»

ስልክ ብቻ ለሚሞላ ሰው አያዋጣም፤ በኤሌክትሪክ ክፍያ የሚቆጥበው ኢምንት ነው። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ለየብቻ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ሁለቱን የሚተካ የ65 ዋት ቻርጀር ዋጋ አለው፤ መጀመሪያ ላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።