«ነው» የማይገባባቸው ደሴቶች

ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ማርታ የምትባል ጓደኛችሁ ዓሣ በላሁ ብትላችሁና «ዓሣ» የሚለውን በደንብ ባትሰሙት፣ «ማርታ ምንድን ነው በላሁ ያለችው?» ትላላችሁ። ጥያቄው ምንም ችግር የለበትም። ልብ በሉ፣ «ምንድን ነው» የቆመው ከ«ያለችው» ጋር ነው፤ የተበላው ነገር ግን የ«በላሁ» ነው። ማለትም ጥያቄው ከውስጠኛው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ ነው ውጭ የተቀመጠው።

አሁን ማርታ ዓሣ የሚጠብስ ልጅ አየች እንበል። የሚጠብሰውን ነገር ማወቅ ፈለጋችሁ። «ማርታ ምንድን ነው የሚጠብስ ልጅ ያየችው?» በሉ እስቲ። አይሆንም! ጆሮ ወዲያው ይገፋዋል። የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ፊቱ ላይ ኮከብ (*) አድርገው ይጽፉታል።

ትርጉሙ ግን ችግር የለበትም። «ማርታ ምን የሚጠብስ ልጅ ነው ያየችው?» ብትሉ ማንም ይመልስላችኋል፤ ብዙ ጊዜም «ዓሣ» ብቻ ሳይሆን «ዓሣ የሚጠብስ» ብሎ። «ምን» እዚያው ቦታው ላይ ቁጭ ብላለች፣ «ነው» ደግሞ ሙሉውን «ምን የሚጠብስ ልጅ» አስቀድሞ ከኋላው ቆሟል። ስለዚህ የሚከለከለው መጠየቁ ሳይሆን መውጣቱ ነው። «የሚጠብስ ልጅ» የሚለው ሐረግ ዙሪያውን የታጠረ ነው፣ «ምን» ብቻዋን ከውስጡ መውጣት አትችልም።

እንዲህ ያሉትን የታጠሩ ሐረጎች ደሴት ብሎ የሰየማቸው የቋንቋ ሊቁ ጆን ሮበርት ሮስ ነው፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት። በ«እና» የተያያዙ ቃላትም ደሴት ናቸው፦ «ሻይና ምን ጠጣች?» ይባላል፣ «ምንድን ነው ሻይና የጠጣችው?» ግን አይባልም።

ምናልባት ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ አእምሮ ስለደከመ ይሆን? ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ ግን ሞክሩት፦ «ማርታ፣ ሳሚ በላሁ አለ ያለችው ምንድን ነው?» ሁለት «አለ» ተደራርቦበትም፣ ትንሽ ቆም ብላችሁ ካነበባችሁት፣ ያልፋል። የወደቀው ደግሞ ከዚህ አጭር ነው። ስለዚህ ርቀት ብቻውን አያስረዳውም፤ ወሳኙ መሃል ላይ ያለው አጥር ዓይነት ነው። «በላሁ አለች» ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር በር አለው፣ ስም የሚገልጸው «የሚጠብስ» ግን የለውም። ቃላቱን ተራ በተራ ብትቆጥሩ ይህን ልዩነት አታዩትም። የሚታየው የትኛው ቃል በየትኛው ሐረግ ውስጥ እንዳለ ስትለዩ ነው።

አጥሩ በሁሉም ቋንቋ እኩል ጠንካራ አይደለም፤ በስዊድንኛ ከእንዲህ ያለ ሐረግ ውስጥ ቃል አውጥተው የሚናገሩባቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ። የማስታወስ አቅምም ድርሻ አለው የሚሉ አሉ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። ይህን ለመፈተሽ ጎረቤታችሁን ስትጠይቁ ግን «ልክ ነው ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የትኛውን ራሱ እንደሚናገር ጠይቁት።